የክር ላይ ቋሚ ሞገድ ሙከራ ከስሌቱ ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በፊዚክስ ላቦራቶሪ የሚሠራውን የተለመደ ሙከራ ነው። ክሩ በአንድ ጫፉ ከቫይብሬተር ጋር ይታሰራል፣ በሌላው ጫፉ በበከራ ላይ አልፎ ክብደት ይንጠለጠልበታል፤ ክብደቱ ሲለዋወጥም በክሩ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሉፖች፣ ማለትም በሁለት ረግተው በሚቆዩ ነጥቦች መካከል ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጡ የክሩ ክፍሎች፣ ይታያሉ። ሁለቱም ጫፎቹ የተያዙ ክር ጸንቶ የሚንቀጠቀጠው ርዝመቱ ለሙሉ ቁጥር ሉፖች እኩል ሲከፋፈል ብቻ ስለሆነ ግንኙነቱ የሚከተለው ነው።

```
f = (n / 2L) × √(T / μ)
T = 4 L² f² μ / n²
```

f ፍሪኩዌንሲው፣ n የሉፖቹ ብዛት፣ L የሚንቀጠቀጠው ክር ርዝመት፣ T ውጥረቱ፣ μ ደግሞ የአንድ ሜትር ክር መጠነ ቁስ ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ይሆናል፤ ውጥረትን በመጨመር ያንኑ እጥፍ ለማግኘት ግን ውጥረቱን አራት ጊዜ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ በአራት እጥፍ የከበደ ክርም ፍሪኩዌንሲውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ምልክት፦ ክብደት ሲጨመር ሉፖቹ ይቀንሳሉ

ብዙ ተማሪዎች ውጥረት ሲጨምር ሉፖቹ ይበዛሉ ብለው ስለሚጠብቁ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ይህ ብልሽት አይደለም። እዚህ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ቫይብሬተሩ እንጂ ክሩ አይደለም። ክሩ ሲወጠር ሞገዱ ይፈጥናል፤ በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ የፈጠነ ሞገድ ረዘም ያለ የሞገድ ርዝመት ስለሚኖረው በዚያው ክር ላይ የሚገቡት ሉፖች ያንሳሉ። ከላይ ያለው ሁለተኛው ቀመር የሚለውም ይህንኑ ነው።

ምልክት፦ ሉፖቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ክብደቱ ግን ከስሌቱ ይለያል

ከሁሉ የሚከብደውና ብዙ የላቦራቶሪ ሰዓት የሚፈጀው ይህ ነው። ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ የአንድ ሜትር መጠነ ቁሱ 0.50 ግራም የሆነ ክር በ50 ሄርዝ ይንቀጠቀጣል እንበል። ስሌቱ ለአንድ ሉፕ 734 ግራም፣ ለሁለት 183 ግራም፣ ለሦስት 82 ግራም፣ ለአራት 46 ግራም ገደማ መንጠልጠል እንዳለበት ይነግረናል። ክብደቶቹን አንድ በአንድ ከማነጻጸር ይልቅ እያንዳንዱን የተንጠለጠለ ግራም በሉፖቹ ብዛት ካሬ ማባዛት ይሻላል፤ ሁሉም ነገር ትክክል ከሆነ በአራቱም ሁኔታዎች ብዜቱ 734 አካባቢ ይሆናል። ስህተቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚለየው የዚህ ብዜት ጠባይ ነው።

በመጀመሪያ ብዜቱ በሁሉም ሁኔታዎች እኩል ሆኖ ነገር ግን ከተጠበቀው በአንድ ቋሚ ምጥጥን ቢለይ፣ ስህተቱ ያለው ለሁሉም ንባብ የጋራ በሆነ መጠን ላይ፣ ማለትም በፍሪኩዌንሲው፣ በርዝመቱ ወይም በክሩ መጠነ ቁስ ላይ ነው። ምጥጥኑ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። የተገኘው ከተሰላው 0.69 ያህል ከሆነ ስሌቱ የተሠራው በ60 ሄርዝ ነው። በአሜሪካ ለሚሠራ የኤሌክትሪክ መስመር የተጻፈ መመሪያ 60 ሄርዝ ሲል የኢትዮጵያ መስመር ግን 50 ሄርዝ ነው፤ የ50 እና የ60 ካሬዎች ምጥጥን ደግሞ 0.69 ነው። መፍትሔው መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ወደ 50 ቀይሮ ማስላት ነው።

የተገኘው የተሰላውን አራት እጥፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ183 ግራም ሁለት ሉፕ ሲጠበቅ አራት ከታየ፣ ቫይብሬተሩ በእጥፍ ፍሪኩዌንሲ ማለትም በ100 ሄርዝ እየሠራ ነው። ተለዋዋጭ ጅረት የሚያልፍበት ኤሌክትሮማግኔት ተራ ብረትን የሚስበው ጅረቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሲፈስ ስለሆነ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ይጎትተዋል። ብረቱ ቋሚ ማግኔት ከሆነ ወይም አጠገቡ ቋሚ ማግኔት ካለ ግን አንድ ጊዜ ሲሳብ በሌላው ጊዜ ይገፋል፣ ወይም መሳቡ ይዳከማል፣ ስለዚህ ፍሪኩዌንሲው 50 ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው የጎደለውን ማግኔት መመለስ ወይም በ100 ሄርዝ ማስላት ነው። በተቃራኒው የተገኘው የተሰላው ሩብ ከሆነ የቫይብሬተሩ እንቅስቃሴ ከክሩ አቅጣጫ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ፍራንዝ ሜልዴ ባጠናው አሠራር ውስጥ፣ ጫፉ በክሩ አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ውጥረቱ ይለዋወጣል፣ ክሩም በቫይብሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ግማሽ ይንቀጠቀጣል። ቫይብሬተሩን 90 ዲግሪ ማዞር ችግሩን ያስወግደዋል።

ምጥጥኑ ከእነዚህ አንዱን ካልመሰለና ልዩነቱ እስከ 10 በመቶ ከሆነ የክሩ መጠነ ቁስ ይመርመር። ሁለት ሜትር እንዲህ ያለ ክር 1 ግራም ብቻ ስለሚመዝን እስከ 0.1 ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ ንባቡ እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። አሥር ሜትር መዝኖ ለአሥር ማካፈል ይህን ስህተት ወደ 2 በመቶ ያወርደዋል፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ሙከራ ላይ ከሚደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ የሚያስገኘው ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጠባይ ብዜቱ ራሱ ከሉፕ ወደ ሉፕ ሲለዋወጥ የሚታየው ነው። 20 ግራም የሚመዝነው የክብደት መስቀያ ሳይቆጠር ቢቀር፣ በምሳሌያችን ብዜቶቹ 714፣ 654፣ 554 እና 414 እያሉ ሉፖቹ በበዙ ቁጥር ይወርዳሉ፤ ምክንያቱም የተዘነጋው 20 ግራም ክብደቱ ትንሽ በሆነበት ቦታ ትልቅ ድርሻ አለው። መስቀያውን መዝኖ መደመር ያስተካክለዋል። በተቃራኒው ብዜቱ ሉፖቹ ባነሱበት፣ ማለትም ክብደቱ በበዛበት ቦታ ዝቅ ካለ ክሩ እየተለጠጠ ነው፤ የተለጠጠ ክር በአንድ ሜትር የሚኖረው መጠነ ቁስ ስለሚቀንስ የሚያስፈልገው ውጥረትም ያንሳል። ላስቲክነት ያለው ክር ከሆነ በእያንዳንዱ ክብደት ስንት እንደረዘመ ለክቶ መጠነ ቁሱን ማረም፣ ወይም በማይለጠጥ ክር መተካት ይገባል።

ምልክት፦ ክብደት ሲጨመርና ሲቀነስ የሚገኘው ንባብ ይለያያል

ይህ የበከራው ሰበቃ ነው። በከራው ሲይዝ በክሩ ላይ ያለው ውጥረት ከተንጠለጠለው ክብደት ያንሳል ወይም ይበልጣል። በየለውጡ በከራውን በጣት መታ ማድረግ፣ ከዚያም በሁለቱም አቅጣጫ የተገኙትን ንባቦች አማካይ መውሰድ ይበቃል።

ምልክት፦ በቫይብሬተሩ በኩል ያለው ጫፍ ረጋ ብሎ አይታይም

ቀመሩ ሁለቱም ጫፎች የማይንቀሳቀሱ ናቸው ብሎ ይነሳል፣ ቫይብሬተሩ ግን ጫፉን ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ እውነተኛው ኖድ፣ ማለትም ክሩ ረግቶ የሚቆይበት ነጥብ፣ ከማሰሪያው ትንሽ ፈንጠር ይላል። ርዝመቱን ከማሰሪያው ጀምሮ የሚለካ ሰው አንድ በመቶ ሲሳሳት ውጥረቱ ላይ ሁለት በመቶ ይሳሳታል። መፍትሔው ክሩ በከራውን ከሚነካበት ነጥብ ጀምሮ መሀል ላይ እስካለው የመጨረሻ ጥርት ያለ ኖድ ለክቶ በመካከሉ ላሉት ሉፖች ብዛት ማካፈል፣ የአንዱን ሉፕ ርዝመት L/n ብሎ መያዝ ነው። አንድ ሉፕ ብቻ ሲኖር መሀል ላይ ኖድ ስለማይገኝ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ሉፕ የተገኘው ንባብ ከሁሉም ይልቅ ስህተት ሊገባበት የሚችል ስለሆነ ውጤቱን በሁለት፣ በሦስትና በአራት ሉፖች ላይ መመሥረት ይመረጣል።