በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ዓይነት «ማስጠንቀቂያ»

ሐዋሳ ለሚገኝ ፋብሪካ የሥነ ሥርዓት ደንብ ከእንግሊዝኛ ስመልስ አንዱ አንቀጽ «ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል» ሆኖ ወጣ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይም «ተሰጥቶታል ወይስ አልተሰጠውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር።

እንግሊዝኛው «ዋርኒንግ» እና «ኖቲስ» ብሎ የሚለያቸውን አማርኛው በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ የመጀመሪያው የጥፋት ወቀሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እንደ አገልግሎቱ ዘመን ውሉ ከመቋረጡ በፊት የሚሰጥ ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ጊዜ ነው። የአዋጁን ቃል መተው ስላልፈለግሁ «የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ» እና «የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ» ብዬ በትርጓሜው አንቀጽ ለየኋቸው። «ይሰናበታል» የሚለውንም፣ ዋናው ለአሠሪው ሥልጣን እንጂ ግዴታ ስለማይሰጥ፣ «ሊሰናበት ይችላል» በሚል አረምኩት። ከዚያም ዋናውን ያላየ ባልደረባዬ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ሁለቱ ቃላት በየቦታቸው ተገኙ።