ስፋትና ይዘት ሲሰላ መለኪያ በመለወጥ ላይ የሚፈጸሙና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ርዝመቱ 4.2 ሜትር፣ ወርዱ 3.6 ሜትር የሆነ የአንድ ክፍል ወለል፣ እያንዳንዱ ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ ይሸፈናል እንበል። ስንት ሴራሚክ ያስፈልጋል? አብዛኛው ተማሪ የወለሉን ስፋት 15.12 ካሬ ሜትር፣ የአንዱን ሴራሚክ ስፋት ደግሞ 3,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብሎ በትክክል ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ማባዛቱም ቀመሩም ችግር የለበትም። ስህተቱ የሚገባው ሁለቱን ለማካፈል ወደ አንድ ዓይነት መለኪያ ሲያመጣቸው ነው፤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶችም በአብዛኛው በዚሁ ቦታ ላይ የሚፈጠሩ ናቸው።

ካሬ ሴንቲ ሜትርን ለ100 ማካፈል

1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህ እውቀት በጣም ከመለመዱ የተነሳ ተማሪው «ካሬ» የሚለውን ቃል አልፎት 3,600ን ለ100 ያካፍልና የአንዱ ሴራሚክ ስፋት 36 ካሬ ሜትር ነው ይላል። ቀጥሎም 15.12ን ለ36 ሲያካፍል 0.42 ያገኛል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ውጤቱን የሚያይ ሰው አንድ ሴራሚክ ከክፍሉ ወለል ከሁለት እጥፍ በላይ ሰፊ ሆኖ መገኘቱን ወዲያውኑ ያስተውላል፤ ነገር ግን ብዙዎች መልሱን ከመጻፍ በቀር ወደ ክፍሉና ወደ ሴራሚኩ ተመልሰው አይመለከቱም።

ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ በወረቀት ላይ መንደፍ ይበቃል። የታችኛውን ጎን ተከትለን ጎናቸው 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንንሽ ካሬዎችን ብንደረድር በአንድ ረድፍ 100 ይገባሉ። ነገር ግን ይህ የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። ካሬው ወደ ላይም 100 ሴንቲ ሜትር ስላለው እንደዚህ ያሉ 100 ረድፎች ይይዛል፤ ስለዚህ በ1 ካሬ ሜትር ውስጥ 100 ጊዜ 100፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር አለ። ለ100 የሚያካፍል ተማሪ አንዱን ረድፍ ቆጥሮ የቀሩትን 99 ረድፎች የተወ ያህል ነው።

አሁን ወደ ወለሉ እንመለስ። 3,600 ለ10,000 ሲካፈል 0.36 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 15.12 ለ0.36 ሲካፈል ደግሞ 42 ሴራሚክ ይወጣል። ይህን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በርዝመቱ በኩል 420 ለ60 ሲካፈል 7፣ በወርዱ በኩል 360 ለ60 ሲካፈል 6 ስለሚሆን፣ 7 ጊዜ 6 እንደገና 42 ይሰጣል። በሁለተኛው መንገድ የስፋት መለኪያ መለወጥ ጭራሽ አላስፈለገም፤ የተለወጠው ርዝመት ብቻ ነው። እኔ ለተማሪዎች የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ የጎኖቹ ርዝመት በጥያቄው ውስጥ ከተሰጠ፣ ከማባዛት በፊት ርዝመቶቹን ወደሚፈለገው መለኪያ መለወጥ ስፋቱን ካሰሉ በኋላ ከመለወጥ ይልቅ ለስህተት እጅግ ያነሰ በር ይከፍታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተሳሳተው መልስ 0.42፣ ትክክለኛው ደግሞ 42 ነው፤ አሃዞቹ አንድ ዓይነት ሆነው የተለያየው የነጥቡ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ አይቶ የሚያመሳክር ተማሪ «ነጥቡን አሳስቻለሁ» ብሎ ያርመውና የስህተቱን ምንጭ ሳያገኘው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ከ10፣ ከ100 እና ከ1,000 ጋር የሚሠራ ስሌት ሁሉ ይህ ጠባይ አለው፤ ስህተቱ አሃዞቹን ስለማይነካ በዓይን አይያዝም።

ከካሬ ሜትር ወደ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚኬድበት ጊዜም ስህተቱ ያው ነው። ስፋቱ 2.5 ካሬ ሜትር የሆነ ሰሌዳ በ100 ተባዝቶ 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው ቢባል፣ ሰሌዳው ከአንድ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ግማሽ ያነሰ ሆነ ማለት ነው፤ ወረቀቱ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ስፋቱ ከ620 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ነውና። ትክክለኛው መልስ 25,000 ነው።

ቁጥሩንም አብሮ ካሬ ማድረግ

ይህ ስህተት የሚታየው የመጀመሪያውን ስህተት ለመሸሽ በሚጠነቀቁት ተማሪዎች ላይ ነው። 45 ካሬ ሴንቲ ሜትርን ወደ ካሬ ሜትር ለውጡ ሲባሉ 45ን ለ100 አካፍለው 0.45 ያገኛሉ፤ ከዚያም ስፋት ስለሆነ ካሬ መደረግ አለበት ብለው 0.45ን በራሱ አባዝተው 0.2025 ብለው ይጽፋሉ። ካሬ መደረግ ያለበት ግን 100 እንጂ 45 አይደለም። 45 የሚነግረን ትንንሾቹ ካሬዎች ስንት እንደሆኑ ነው፤ ብዛታቸው ደግሞ ቀድሞውኑ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። የሚለወጠው የእያንዳንዳቸው መጠን ብቻ ስለሆነ 45 ለ10,000 ተካፍሎ 0.0045 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ቢሆን ኖሮ 0.2025 ትክክል ይሆን ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የሰጠው የጎን ርዝመት ነው ወይስ ስፋት የሚለውን ከስሌቱ በፊት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሜትርንና ሴንቲ ሜትርን ደባልቆ ማባዛት

ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ወለል ሊሞላ ነው። 6 ጊዜ 4 ጊዜ 10 ብሎ 240 ሜትር ኩብ የሚል መልስ መስጠት የተለመደ ነው። ውፍረቱ 0.1 ሜትር ስለሆነ ትክክለኛው ይዘት 2.4 ሜትር ኩብ ነው። 240 ሜትር ኩብ የሚሆነው ውፍረቱ 10 ሜትር ቢሆን ነበር፤ ይህም ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ወጥመድ አለ። መለኪያዎቹን መደባለቁን ዘግይቶ ያስተዋለ ተማሪ «ይዘት ስለሆነ ለ1,000,000 ማካፈል አለብኝ» ብሎ 240ን ለዚያ ያካፍልና 0.00024 ሜትር ኩብ ያገኛል፤ ይህም ከአንድ ሊትር ሩብ እንኳን በጥቂቱ ያነሰ ነው። ከሦስቱ ርዝመቶች ሁለቱ አስቀድመው በሜትር ስለነበሩ መለወጥ የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ነው፤ ለእርሱም ለ100 አንድ ጊዜ ማካፈል ይበቃል። በአጭሩ፣ ለ100 የምናካፍለው በሴንቲ ሜትር የተሰጡት ርዝመቶች በቁጥር ያህል ነው፤ አንዱ ብቻ በሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ሁለቱ ከሆኑ ሁለት ጊዜ፣ ሦስቱም ከሆኑ ሦስት ጊዜ።

መለኪያን መደባለቅ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም። ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ 60 ጊዜ 20 ብለን 1,200 ሊትር ማለት እንችላለን። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የተኛ የ1 ሚሊ ሜትር ውኃ 0.001 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በትክክል 1 ሊትር ስለሆነ፣ ካሬ ሜትር በሚሊ ሜትር ሲባዛ መልሱ በቀጥታ በሊትር ይወጣል። ልዩነቱ ያለው የተደባለቀው ውጤት ምን ዓይነት መለኪያ እንደሆነ አውቆ በመሥራትና ሳያውቁ ሜትር ኩብ ብሎ በመጥራት መካከል ነው።

የስፋትን ማካፈያ ለይዘት መጠቀም

ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ የውኃ ማጠራቀሚያ በሴንቲ ሜትር ቢለካ 200፣ 150 እና 120 ይሆናል፤ ይዘቱም 3,600,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 10,000 የሚለውን ቁጥር በቃሉ የያዘ ተማሪ ለ10,000 አካፍሎ 360 ሜትር ኩብ ይላል። ይዘት ግን ሦስት ርዝመቶች ስላሉት 100ም ሦስት ጊዜ ይባዛል። ቀደም ሲል የነደፍነው የ10,000 ትንንሽ ካሬዎች ንጣፍ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 10,000 ትንንሽ ኩቦች ይሆናል፤ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ለመድረስ እንዲህ ያሉ 100 ንጣፎች መደራረብ ስላለባቸው በ1 ሜትር ኩብ ውስጥ 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይገኛል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው የሚይዘው 3.6 ሜትር ኩብ ነው።

ጥያቄው በሊትር መልስ ከፈለገ ሌላ ስህተት ይከተላል። 1 ሊትር ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ይዘት ስለሆነ 1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ 1 ሜትር ኩብ ደግሞ 1,000 ሊትር ይይዛል። ሁለቱም ላይ 1,000 ስለሚገኝ አንዱን በአንዱ መተካት ቀላል ነው። ከሴንቲ ሜትር ኩብ ወደ ሊትር ሲኬድ ለ1,000 ይካፈላል፤ ከሜትር ኩብ ወደ ሊትር ሲኬድ ግን በ1,000 ይባዛል። በሁለቱም መንገድ ማጠራቀሚያው 3,600 ሊትር ሊወጣ ይገባል፤ ካልወጣ አንዱ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ሊነሳ የሚገባው፣ ሊትር ራሱ የይዘት መለኪያ መሆኑ ነው። 1 ሊትር 1,000 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ይዘት ነው ተብሎ 1,000 ሦስት ጊዜ አይባዛም። ሄክታርም እንዲሁ ቀድሞውኑ ስፋት ስለሆነ 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ እንደገና ካሬ የሚደረግ ነገር የለውም።

የካርታን ምጣኔ በስፋት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መጠቀም

በ1፡50,000 ምጣኔ በተዘጋጀ ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በካርታው ላይ 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ደን ስፋቱ ስንት ነው ሲባል፣ 8 ጊዜ 500 ብሎ 4,000 ካሬ ሜትር የሚል መልስ በተደጋጋሚ ይሰጣል። ነገር ግን በካርታው ላይ ያለው 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ ጎኑ 500 ሜትር የሆነ ካሬ ስለሆነ 250,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 25 ሄክታር ነው። ስለዚህ ደኑ 8 ጊዜ 25፣ በጠቅላላው 200 ሄክታር ይሸፍናል።

የተሳሳተውን መልስ ወደ ካርታው መልሶ መመርመር ይቻላል። 4,000 ካሬ ሜትር ለ250,000 ሲካፈል 0.016 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ጎኑ ከ1 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ካሬ ነው፣ በካርታው ላይ የተለካው ደን ግን 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር።