ተርኒቲን 34% ሲል የትኛው ነው የሚስተካከለው?

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ፣ ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አነጻጽሮ የተመሳሰለውን በቀለም በሚያሳየው በተርኒቲን 34% ተመሳሳይነት አመጣ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ፣ ሦስት ሌሊት ቀለም ያረፈበትን ቃል ሁሉ በሌላ ቃል ስተካ ነጋ። እንደገና ሲገባ 31%። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ካልተነካ ቀለሙ ይቆራረጣል እንጂ አይጠፋም።

የሠራው፣ ቁጥሩን ትቼ ምንጮቹን አንድ በአንድ መክፈቴ ነው። ከማጣሪያው `Exclude Bibliography` የሚለውን ሳበራ 23% ሆነ፤ የማጣቀሻ ዝርዝር ከሌሎች ጋር መመሳሰሉ የግድ ነው። ከቀሪው 11% ከአንድ የተማሪ ጽሑፍ ጋር ነበር። ስመረምረው አምና ያስገባሁት የራሴ ፕሮፖዛል ነው። አማካሪዬ አይተው ከሪፖርቱ አወጡልኝ፤ 12% ቀረ።

ከዚህ ውስጥ የየ1% ቁርጥራጮቹ «የዚህ ጥናት ውጤት እንደሚያሳየው» ዓይነት የተለመዱ ሐረጎች ስለሆኑ ተውኳቸው። ዋናው ጉድለት ያለው 2% ብቻ ከሚለው ምንጭ ላይ ነው። ስለ ጠብታ መስኖ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ፣ ስድስቱም መስመር በአንድ ቀለም ተሞልቷል። መጨረሻው ላይ ደራሲውን ጠቅሻለሁ፤ ቃላቱ ግን የእሱ ናቸው፣ ትእምርተ ጥቅስም የለም። መጣጥፉን ዘግቼ የገባኝን በራሴ አገላለጽ ጻፍኩ፤ ከዚያ ገልጬ ሐሳቡ አለመዛባቱን አመሳከርኩ። ትርጓሜውን ብቻ ቃል በቃል በጥቅስ ውስጥ ከነገጹ አስቀመጥኩ።

በሦስቱ ሌሊት የቀየርኳቸውን የዘዴ ምዕራፍ ቃላትም መለስኩ፤ «ናሙና» የሚለውን እንኳ ትርጉሙን በሚያጠፋ ቃል ተክቼው ነበር። እነዚህ ቃላት በመመለሳቸው ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ 13% ላይ ቆመ፤ አማካሪዬም በዚያው ተቀበሉት።