ከመጽሐፍ ምረቃ ፖስተር ስር የሚወጣው ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥሪውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መቼና የት የሚለውን ነው። ብዙዎች ግን «ታላቅ የምሥራች ለንባብ ወዳጆች» ብለው ይጀምሩና ቀኑን ታች ይቀብሩታል። ኢንስታግራም 125 ያህል ፊደላት ብቻ አሳይቶ ቀሪውን ስለሚያጥፈው ቀኑን ሳያይ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሙሉ ጥሪ ይሁን፦

«‹እገሌ› የተሰኘው ልብ ወለድ ቅዳሜ ግንቦት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡00 ሰዓት በእገሌ አዳራሽ ይመረቃል።»

እዚህ ላይ «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል አትቅር። ስልኩ 2፡00 የሚለውን ሰዓት ነው 8፡00 ያልነው፤ ቃሏ ከሌለች ጠዋት የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። ዕለቱና ቀኑ መገጣጠማቸውንም ከካሌንደር አረጋግጡ። «እሑድ ግንቦት 15» የሚል ስህተት ካመለጠ አንባቢው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም።

ቀጥሎ የንባቡ ነገር ይመጣል። «ደራሲው ከመጽሐፉ ያነባሉ» ማለት አይበቃም። «ደራሲው ከሦስተኛው ምዕራፍ ለ15 ደቂቃ ያነባሉ፤ ከዚያ ጥያቄና መልስ፣ በመጨረሻም ፊርማ ይኖራል» ሲባል አንባቢው ምን ያህል እንደሚቆይ ይገምታል። በር የሚከፈትበትና ንባቡ የሚጀመርበት ሰዓት ከተለያዩ ሁለቱም ይጻፉ። ደራሲውና አሳታሚው በጋራ በሚለጥፉት ጽሑፍ ላይ ደግሞ «መጽሐፌ» ወይም «መጽሐፋችን» ማለቱ ማን እንደሚናገር ያደናግራል። እንደ ምሳሌው «ያነባሉ» በሚል ሦስተኛ መደብ መጻፉ ይሻላል።

ሽያጩ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «መግቢያ በነፃ» ብቻ ከተባለ መጽሐፉም በነፃ የሚታደል የሚመስለው አለ። «መግቢያ በነፃ፤ መጽሐፉ በአዳራሹ ይሸጣል» በሉ፤ ዋጋውንና የአከፋፈሉን መንገድ ጨምሩበት። ሌላ ቦታ የተገዛ ቅጂ ይፈረምለት እንደሆነም ተናገሩ፤ በውስጥ መስመር ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ እሱ ነው። የመጻሕፍት መደብሮችን ስም ከመዘርዘራችሁ በፊት ቅጂው መድረሱን ደውላችሁ አረጋግጡ። ገና ከሆነ «ከሰኞ ጀምሮ» ብላችሁ ቀኑን አስቀምጡ፤ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ገዢ ሁለተኛ አይሄድም። ኢንስታግራም ላይ ጽሑፉ ውስጥ የተለጠፈ ሊንክ ሲነካ አይከፍትም፤ የመግዣውን ሊንክ ፕሮፋይላችሁ ላይ አድርጋችሁ ሰውን ወደዚያ ምሩ። ቴሌግራም ላይ ይከፍታል፤ እዚያ ግን ከፎቶ ስር የሚገባው ጽሑፍ በመደበኛ አካውንት ከ1,024 ፊደላት አይበልጥም።

ፖስተሩ ላይ ያለውን ቀንና ቦታ በጽሑፉም ድገሙት። ምስል ላይ ያለ አድራሻ ገልብጦ ለመላክ አይመችም፣ በፍለጋም በቀላሉ አይገኝም፤ ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ የሚያነብለትም ጽሑፉን ነው። አዳራሹ ቢቀየር የመጀመሪያውን ጽሑፍ አርሙና «የቦታ ለውጥ፦» ብላችሁ አናቱ ላይ አስቀምጡ። አሮጌው ፖስተር በሰው ስልክ ላይ መዞሩን ስለማይተው አዲሱን ፖስተር ለይቶ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ በዕለቱም ሰው የሚመልስ አንድ ልጅ በቀድሞው አዳራሽ በር ላይ ቢቆም ጥሩ ነው።