የእጮኝነታችሁን ብሥራት በአጭሩ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል

ሁለት ሰዎች ሲተጫጩ ደስታቸው ብዙ ስለሆነ ጽሑፉም ይበዛል። እኔ ግን ለእህቴም ለጓደኞቼም ስጽፍ እንዳየሁት፣ ሰው እስከ መጨረሻው አንብቦት ፈገግ የሚለው ብሥራት ከስድሳ ቃል ብዙም አያልፍም። ስድሳ ቃል ደግሞ ለአንድ ወሬና ለአንድ ትዝታ ይበቃል።

ከመጻፋችሁ በፊት ጊዜውን እዩ። በጎጃም ሽማግሌ ተልኮ፣ መልስ ተሰጥቶ ሳያልቅ ብሥራት ማውጣት የሴቷን ወላጆች ያሳዝናል። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን መልስ ይዘው ላይመለሱ ይችላሉ፤ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፤ በመካከሉም የሁለቱ ቤተሰቦች ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው ሳያልቅ ደስታችሁን ያወጃችሁ እንደሆነ፣ አባት ገና ያልሰጡትን ፈቃድ ከጎረቤት ይሰማሉ። ስለዚህ መልሱ ይምጣ። ከዚያ በኋላም ገጠር ላሉት አያቶችና ለክርስትና እናትና አባት አስቀድማችሁ በስልክ ንገሯቸው። አያትየዋ ወሬውን ከራሳችሁ አፍ መስማት ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። የመጀመሪያው ሥራ ብዕር ማንሳት ሳይሆን ትዝታ መልቀም ነው። ሁለታችሁም ለየብቻችሁ ተቀመጡና “አብረን ባሳለፍነው ጊዜ ሁልጊዜ የምናደርገው ነገር ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ ሦስት ሦስት መልስ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ተለዋወጡ። በሁለቱም ወረቀት ላይ የተገኘው ነገር የብሥራታችሁ ልብ ነው። ትልቅ ነገር መሆን የለበትም፤ እንዲያውም ትንሽ ሲሆን ይሻላል።

ለምሳሌ ያህል ጥንዶቹን ሰላምና ይበልጣል እንበላቸው። እሱ ፍኖተ ሰላም መምህር ነው፣ እሷ ባሕር ዳር ነርስ ናት። መጀመሪያ የጻፉት እንዲህ የሚል ነበር፦

“የልቤ ንግሥት፣ የሕይወቴ ብርሃን፣ እንደ ዓባይ የማይነጥፍ ፍቅራችን ዛሬ ለዚህ ቀን በቃ። እኔ እሷን በማግኘቴ ከሰው ሁሉ የታደልኩ ነኝ።”

ስሜቱ እውነት ነው፤ ግን ሁለቱን የሚያውቅ ሰው አንድም የሚያውቀውን ነገር አያገኝበትም። ጎጃም ተወልዶ ፍቅሩን በዓባይ ያልመሰለ ማን አለ? በዚያ ላይ ብሥራቱ የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ ሰላም የተወደሰች እንጂ የወደደች አትመስልም።

ወረቀታቸውን ሲለዋወጡ ግን የሁለቱም ላይ ዳንግላ ተገኘች። ይበልጣል ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አውቶቡስ ይሳፈራል። ቡሬንና እንጅባራን አልፎ ዳንግላ ሲደርስ ይደውላል። “ዳንግላ ደርሻለሁ” ሲላት ሰላም እራት ማሰናዳት ትጀምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ፍቅራቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የግሥ ምርጫ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። “አጨሁ” ካላችሁ ወንዱ ብቻ ይናገራል፤ “ታጨሁ” ካላችሁ ሴቷ የተደረገላትን ትናገራለች። “ተጫጨን” ግን የሁለቱም ነው፤ ለጋራ ብሥራት የሚስማማው እሱ ነው። “ተጋባን” ከማለት ግን ተጠንቀቁ። አንባቢው ሰርጉ ያለፈ ይመስለዋል፤ በዚያው ቀን “ምነው ሳትጠሩን?” የሚል ቅሬታ ከዘመድ ይመጣል። “ቀለበት አሰርን” የሚለውም ቢሆን ለአንዳንዱ ሰው የእጮኝነት፣ ለአንዳንዱ የሰርግ ቀለበት ስለሚመስለው፣ ብቻውን ሳይሆን “ተጫጨን” ከሚለው ጋር ቢሄድ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር “እኛ” ብላችሁ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በ“እኛ” ጨርሱ።

ወላጆችና ሽማግሌዎች ያለ ምስጋና አይታለፉም፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ስም ከዘረዘራችሁ አንድ የተረሳ ሰው ይኖራል፣ እሱም አይረሳላችሁም። “ሽማግሌዎቻችን ለምነው፣ ወላጆቻችን ፈቅደው መርቀውናል” ማለት ሁሉንም ያቅፋል፤ በአክብሮት ግሥም ተነግሯል። ለጓደኛ የሚሆነው ምስጋና ለሌላ ቀን ይቆይ።

የሰርጉን ቀን በተመለከተ፣ ወሩን ወይም ወቅቱን ብቻ ጥቀሱ። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለሌለ “ከፋሲካ በኋላ” ወይም “በጥር” ማለት ለሁሉም ግልጽ ነው። ቀኑን ቆርጣችሁ ከጻፋችሁ ግን ብሥራቱ የሰርግ ጥሪ ይሆናል፤ ቀኑ ቢለወጥም ከሩቅ አገር ትኬት የገዛ ዘመድ ይጉላላል። ጥሪው ለብቻው እንደሚመጣ በአንድ ሐረግ አሳውቁ።

እነዚህን ሁሉ አስገብተው ሰላምና ይበልጣል የጻፉት ይህ ነው፦

“ደስታችንን ተካፈሉን!

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ ማታ ስልክ ይጮኽና ‘ዳንግላ ደርሻለሁ’ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያች ከዳንግላ ወዲህ ያለችው መንገድ ለሁለታችንም ከሁሉ የምትረዝም ነበረች። ባለፈው እሑድ፣ ሽማግሌዎቻችን ለምነው፣ ወላጆቻችን ፈቅደውና መርቀው ተጫጭተናል። ሰርጋችን፣ እግዚአብሔር ሲፈቅድ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጥሪውን ይዘን በየቤታችሁ እንመጣለን። እስከዚያው የዳንግላው ስልክ ይቀጥላል።

ሰላምና ይበልጣል”

“እወድሻለሁ” ወይም “እወድሃለሁ” የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ያንን መንገድ ረጅም ያደረገው ምን እንደሆነ የማይገባው ሰው የለም። ፍቅር በስም ሳይጠራ ሲታይ ሞቅ ይላል፤ እናትና አባት ፊት ሲነበብም አንገት አያስደፋም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው ተመልሶ የሄደበትንም ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ትዝታው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ጣና ዳር የሻይ ሰዓታቸውንም፣ የተዋወቁበትን የልደት በዓልም ጨምረው ቢሆን ኖሮ የሚመለሱበት ቦታ አይኖርም ነበር።

ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ ለአንድ ታላቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለአክስት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ሳታብራሩ አንብቡት። “ታዲያ ሰርጉ መቼ ነበር?” ካሉ ግሡ ተሳስቷል። “ዳንግላ ማን አለ?” ካሉ ትዝታው ከእናንተ በስተቀር ለማንም አልተገለጠምና አንድ ሐረግ ጨምሩ። ዝም ብለው ቆይተው መመረቅ ከጀመሩ ጽሑፉን አትንኩት።

ፎቶ ካስገባችሁ አንድ ይበቃል፤ ለሰላምና ለይበልጣል የአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ የተነሱት ተስማምቷቸዋል። ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ግን ብሥራት ላይ አይጻፍም።

ከዚያ ምላሹ ይጎርፋል። “እንኳን ደስ አላችሁ” ላላችሁ ሁሉ “እንኳን አብሮ ደስ አለን” በሉ፤ “ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ” ላሏችሁ ታላላቆች ደግሞ “አሜን” ብላችሁ በስልክ ደውሉላቸው።