የቅዳሜው የቤተሰብ ጨዋታ ለምን ተምታታ?

የአሜሪካን የብርድ ወቅት ሙሉ በየቅዳሜው በቪዲዮ ካርታ ስንጫወት ከርመናል። እኛ በዋሽንግተን ሰዓት ከቀኑ 7 ላይ እንገባለን። ጀርመን ያለው ወንድሜ ከምሽቱ 1፣ ሀገር ቤት ያሉት እማዬና አክስቴ ደግሞ ከምሽቱ 3 ላይ።

መጋቢት ላይ ግን እኔና እህቴ አንድ ሰዓት ጠብቀን ማንም ሳይመጣ ወጣን። ወዲያው እማዬ ደውላ «የት ጠፋችሁ?» አለችኝ። ወንድሜም ከእሷ ጋር ገብቷል።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ። ሀገር ቤት ጭራሽ አይቀየርም። ስለዚህ ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከወንድሜ ጋር እንኳ የተለመደው ልዩነት ይዛባል።

መጀመሪያ ለሁሉም አዲሱን ሰዓት በጽሑፍ ላክሁ። ጀርመን ሰዓቷን ስትቀይር እንደገና ተበላሸ።

መፍትሔው ቀጠሮውን በሀገር ቤት ሰዓት ማሰር ሆነ። ካላንደር ላይ የድሮውን ተደጋጋሚ ቀጠሮ ሰረዝኩ። አዲሱን ስከፍት ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን `Time zone` ነክቼ የሀገር ቤቱን መረጥኩና ከምሽቱ 2 አልኩ። አክስቴ በጊዜ ስለምትተኛ 3 ሰዓት ለእሷ ሁሌም ይከብዳት ነበር። አሁን እነሱ ምንም አይቀይሩም፤ የምንንከራተተው እኛ ነን፦ በብርዱ ወቅት ከቀኑ 6፣ በሙቀቱ ወቅት ከቀኑ 7።

መሥራቱን ለማየት ካላንደሩን ወደ ኖቬምበር ገፋሁት። ስልኬ ላይ ቀጠሮው ከ7 ወደ 6 ወርዶ አገኘሁት።