በወጪ ድልድል ላይ 19,600 ብር ቢጎድልባችሁ

ኮምቦልቻ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ወጪ 80,000፣ የእንፋሎት ክፍል ወጪ ደግሞ 180,000 ብር ነው እንበል፤ ይህ ወጪ በመጨረሻ ለሁለቱ የምርት ክፍሎች፣ ለፈተላና ለሽመና፣ መደልደል አለበት። ጥገና ከአገልግሎቱ 20 በመቶውን ለእንፋሎት፣ 50ውን ለፈተላ፣ 30ውን ለሽመና ሲሰጥ፣ እንፋሎት በበኩሉ 10 በመቶውን ለጥገና፣ 30ውን ለፈተላ፣ 60ውን ለሽመና ይሰጣል። የአንዱን ክፍል ወጪ ደልድሎ ሒሳቡን ከዘጋ በኋላ ወደ ቀጣዩ በሚያልፈው የደረጃ በደረጃ ዘዴ ከጥገና ሲጀመር የእንፋሎት ወጪ 196,000 ብር ይደርሳል፤ ይህን በ30 እና በ60 በመቶ የሚያባዛ ሰው፣ ሒሳቡ አስቀድሞ የተዘጋውን የጥገናን ድርሻ ስላላወጣ፣ 19,600 ብር ሜዳ ላይ ይቀርበታል። ድርሻዎቹን ለ90 አካፍሏቸው፤ ፈተላ በድምሩ 105,333፣ ሽመና 154,667 ብር ይሸከማሉ።

ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ለሌላው የሚሰጡትን አገልግሎት በሚቆጥረው የእርስ በርስ ዘዴ ግን የጥገና (ጥ) እና የእንፋሎት (እ) እኩልታዎች አብረው ይፈታሉ፦

```
ጥ = 80,000 + 0.1እ
እ = 180,000 + 0.2ጥ
```

ውጤቱ 100,000 እና 200,000 ብር ነው። ክፍሎቹ እርስ በርስ የተቀባበሉት ወጪ ሁለቴ ስለሚቆጠር ድምሩ ከ260,000 መብለጡ አያስደንግጣችሁ፤ ለፈተላ 110,000፣ ለሽመና 150,000 ብር ብቻ ይደርሳል።